ቴሌግራሜን አለቃዬ እንዴት አየው? የሥራ ላፕቶፕና ስልክ ክትትል ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ከታክሲ ሰልፍ ይገላገላል። የቢሮው ላፕቶፕ ግን ሳሎን ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ምልክት፦ በሥራ ላፕቶፕ ላይ የጻፉት የግል መልእክት አለቃዎ ጋ ደርሷል

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛን እንውሰድ። በድርጅቱ ላፕቶፕ ቴሌግራም ከፍታ ስለ ደመወዝ ለጓደኛዋ ጻፈች፤ በማግስቱ አለቃዋ ነገሩን አነሳባት። መጀመሪያ ጓደኛዋ አውርታ እንደሆነ ታጣራ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው የሚወጣው በሰው አፍ ነው።

ካልሆነ፣ ቴሌግራም መልእክቱን በራሱ ምስጠራ ስለሚልክ የቢሮው የኔትወርክ ማጣሪያ ሊዘጋው ወይም መከፈቱን ሊያውቅ ይችላል እንጂ ጽሑፉን አያነበውም። ጽሑፉ በቢሮው በኩል ከወጣ ይበልጥ የሚጠረጠረው ላፕቶፑ ነው፦ በየተወሰነ ደቂቃ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳ ወይም የሚተየበውን የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

በብሮውዘር የሚከፈት ኢሜይል ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ የራሱን ሰርተፍኬት፣ ማለትም የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ፣ ላፕቶፑ ላይ ከጫነ መሃል ገብቶ ሊያነበው ይችላል። ለማወቅ ጂሜይልን በክሮም ይክፈቱ፣ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ይጫኑ፣ ከዚያ Connection is secure፣ ቀጥሎ Certificate is valid የሚለውን ይክፈቱ። Issued By ሥር Google Trust Services ካለ መሃል የገባ የለም። የድርጅቱ ወይም የፋየርዎል ስም ካለ ግንኙነቱ እየተከፈተ ይታያል። በክሮም ላይ ድርጅቱ ያዘዘውን ለማየት ደግሞ ይህን አድራሻ ይጻፉ፦

```
chrome://policy
```

ታዲያ ይህ ሁሉ ተፈቅዷል ወይ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ የግል ግንኙነት እንዳይደፈር ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ሲሰበሰብ ሕጋዊ ምክንያትና የታወቀ ዓላማ እንዲኖር፣ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይወሰድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጣሪ የድርጅቱን ኢሜይል፣ የተጫኑ ፕሮግራሞችንና የደህንነት መዝገቦችን አስቀድሞ አሳውቆ ቢከታተል የሚያስረዳው ምክንያት አለው። ላፕቶፑ የእኔ ነው ብሎ የግል መልእክትን በድብቅ ማንበብ ግን በንብረት ባለቤትነት ብቻ አይሸፈንም።

መፍትሄው ፕሮግራሙን ማጥፋት አይደለም። የድርጅት ንብረት ነካክተው ሲገኙ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ። በስልክዎ ቴሌግራም ላይ Settings፣ ከዚያ Devices ገብተው የላፕቶፑን መስመር ያቋርጡ፤ የግል ወሬ በግል ስልክ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል አራት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ይሰበሰባል፣ ለምን፣ ማን ያየዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ምላሽ ከጠፋ ወይም አጥጋቢ ካልሆነ፣ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በቃል የጠየቁት ማስረጃ አይሆንም፤ የጻፉትን ቅጂ ይያዙ።

ምልክት፦ የግል ስልክዎ ላይ የቢሮ ኢሜይል ሲጭኑ ፈቃድ ይጠየቃሉ

እዚህ ላይ ሳያነቡ አይጫኑ። አንድሮይድ ስልክ Erase all data የሚል መስመር ካሳየ፣ የቢሮው አይቲ ከርቀት ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሊያጸዳው ይችላል፤ የልጆችዎ ፎቶም አብሮ ይሄዳል። Work profile የሚል ከሆነ ግን ስልኩ ለሁለት ይከፈላል። የቢሮ አፖች ላይ የቦርሳ ምልክት ይደረጋል፣ ቀጣሪው ያንን ክፍል ያስተዳድራል፣ የግል ፎቶዎን፣ ኤስኤምኤስዎንና የጥሪ ዝርዝርዎን አያይም። ሥራ ሲለቁም የሚጠፋው የቢሮው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ አይቲውን በዚህ መንገድ አስገባልኝ ይበሉት።

ስልክህን ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ አስጀምር ካሉ ሙሉ ቁጥጥር ሊይዙ ነው፤ ሙሉ ቁጥጥር በአንድሮይድ የሚገባው ስልኩ ገና ሲጀመር ነውና። ያ ለድርጅት ስልክ ተገቢ ነው። ለግል ስልክ እሺ አይበሉ፤ የሥራ ስልክ ስጡኝ ይበሉ።

ምልክት፦ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ሪፖርቱ ግን አልነበሩም ይላል

የእንቅስቃሴ መቁጠሪያ የሚያየው ማውስና ኪቦርድን ነው። ማይክሮሶፍት ቲምስ አምስት ደቂቃ ያህል ካልነኩት ወደ Away ይቀየራል፤ ወረቀት እያነበቡም ቢሆን። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲሞት ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪ ቢሠራም ከቢሮ ይቆረጣል። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በዚያው ቀን ከስልክዎ በመልእክት ለአለቃዎ ይላኩ፤ በወሩ መጨረሻ ያንን ከሪፖርቱ ክፍተት ጋር ያስተያዩት። ማውስ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ መሰካት ግን ክፍተቱን ወደ ማጭበርበር ይለውጠዋል።