ያባዛችሁት ማትሪክስ ልክ መሆኑን እንዴት ታረጋግጣላችሁ

11ኛ ክፍል ደሴ ስማር ፈተና ላይ ሁለት ባለ 2×2 ማትሪክሶችን ረድፍ በረድፍ አባዛሁና አንድ ሙሉ ጥያቄ ወደቅኩ፤ ሳይዙ፣ ማለትም የረድፍና የዓምዱ ብዛት፣ ስለገጠመ ትንሽም አልጠረጠርኩም ነበር። ስለዚህ ሳይዝ ገጠመ ማለት መልሱ ልክ ነው ማለት እንዳልሆነ ከአሁኑ ያዙልኝ።

ሳይዙን ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ፣ 2×3 እና 3×2። መሃል ያሉት 3 እና 3 እኩል ከሆኑ ይባዛል፣ ዳር የቀሩት 2 እና 2 የመልሱ ሳይዝ ናቸው።

አሁን የእህቴን ሁለት ልጆች እንውሰድ። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ማስመሪያ ሊገዙ ነው፣ ከደሴ ይሻላል ወይስ ሐረጎን ወርደው ከኮምቦልቻ? A ላይ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ልጅ ነው፣ B ላይ የመጀመሪያው ዓምድ የደሴ ዋጋ ሁለተኛው የኮምቦልቻ (ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው)።

```
A = 2 1 3     B = 30 28     AB = 130 113
    4 0 5         10 12          220 187
                  20 15
```

የA ዓምዶች ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ማስመሪያ ብለው ከሄዱ የB ረድፎችም በዚያው ቅደም ተከተል መውረድ አለባቸው፣ ከተዘበራረቀ ሳይዙ ይገጥማል ግን ደብተሩን በማስመሪያ ዋጋ ነው የምትገዙት።

ስታባዙ የግራ ጣታችሁ በA ረድፍ ወደ ጎን፣ የቀኙ በB ዓምድ ወደ ታች እኩል ይራመዱ። 2×30 + 1×10 + 3×20 = 130። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 0 ላይ ነው፣ ይዘለውና ቀጣዩን 5 ከ20 ጋር ሳይሆን ከ10 ጋር ያባዛዋል፣ 220 የነበረው 170 ይሆናል። እኔ 0×10 ብዬ ሳልጽፍ አላልፍም።

ዋናው ማረጋገጫ ይሄ ነው፣ ያኔ ባውቀው ያ ጥያቄ ባላመለጠኝ። የBን እያንዳንዱን ረድፍ ደምሩ፣ 58፣ 22፣ 35 ይመጣል። እነሱን በA የመጀመሪያ ረድፍ አባዙ፣ 2×58 + 1×22 + 3×35 = 243። የመልሱ የመጀመሪያ ረድፍ 130 + 113ም 243 ነው። ሁለተኛው 4×58 + 0×22 + 5×35 = 407፣ 220 + 187ም 407። የሚሰራበት ምክንያት ቀላል ነው፣ አንዱ ልጅ ሁለቱም ከተማ ቢገዛ የሚያወጣውን ዋጋ አስቀድሞ ደምሮ ማስላትም በኋላ መደመርም ያው ስለሆነ ነው። ረድፍ በረድፍ ካባዛችሁም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ግን 130 እና 113 ቦታ ቢቀያየሩ ድምሩ አሁንም 243 ነው፣ አይታወቅም። ለዚህ ዓምዱንም ፈትሹ፣ የA ዓምዶች ድምር 6፣ 1፣ 8 ነው፣ 6×30 + 1×10 + 8×20 = 350፣ የደሴው ዓምድም 130 + 220 = 350። ተቀያይረው ቢሆን 333 ይመጣ ነበር። የኮምቦልቻው 300 መምጣት አለበት፣ እሱን ራሳችሁ ሞክሩት።

ካልኩሌተር የማልወደው ለዚህ ነው፣ ሳይዝ ካልገጠመ ይነግራችኋል፣ ባለ 2×2ቱን AB በማለት ፈንታ BA ብላችሁ ብታስገቡ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ቢችልም ዝም ብሎ ያባዛዋል።