በ«ግን» መጀመር ስህተት ነው? መጀመሪያ መጨረሻውን እዩ

የሰው ጽሑፍ ሳርም ዘወትር የሚገጥመኝ ክርክር ይሄ ነው፦ «ዓረፍተ ነገር በማያያዣ አይጀመርም!» ቀይ እስክሪብቶ ይነሳል፣ ደህናው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። እውነተኛው ስህተት ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ሳይነካ ያልፋል።

ምልክት፦ ዓረፍተ ነገሩ በ«ምክንያቱም» ጀምሯል፤ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል

በጣም የማየው ይሄን ነው። ከአንድ ቃለ ጉባኤ እንውሰድ፦

«ስብሰባው ተራዘመ። ምክንያቱም ሊቀመንበሩ ስላልመጡ።»

አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በ«ምክንያቱም» ላይ ይጥላል። አውጡትና እዩት። «ሊቀመንበሩ ስላልመጡ» ብቻ ይቀራል፤ አሁንም ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ጥፋቱ መጨረሻው ላይ ነው። በአማርኛ ሐሳቡን የሚዘጋው የመጨረሻው ግስ ነው። «ምክንያቱም»፣ «ግን»፣ «ስለዚህ» ለብቻቸው ስለሚቆሙ ግሱን አይነኩትም። ግሱን ጥገኛ የሚያደርጉት እላዩ ላይ የሚለጠፉት ናቸው፦ «ስለመጣ»፣ «ሲመጣ»፣ «እንደመጣ»፣ «ቢመጣ»። ከነዚህ በኋላ አራት ነጥብ የሚያደርግ ሰው ሌላ ግስ ሊያመጣ ቃል ገብቶ ጥሎን ሄዷል።

መፍትሄው ሁለት ዓይነት ነው። ግሱን ነፃ አውጡት፦ «ስብሰባው ተራዘመ። ምክንያቱም ሊቀመንበሩ አልመጡም።» በማያያዣ ጀምሯል፣ ሙሉ ነው፣ ማንም ሊሰርዘው አይገባም። ወይም አንድ አድርጉት፦ «ስብሰባው የተራዘመው ሊቀመንበሩ ስላልመጡ ነው።» እዚህ «ነው» ስለዘጋው «ምክንያቱም» አያስፈልግም። ሁለቱን ደርቦ «የተራዘመው ምክንያቱም ስላልመጡ ነው» የሚል ጽሑፍ በየቀኑ ይመጣልኛል። ሰው የጻፈውን አንድ ጊዜ እንኳ መልሶ አያነብም?

ነፃውን ግስ ከጥገኛው ለመለየት ጅራቱን እዩ። «አልመጡም» ላይ ያለችው «ም» «ስላልመጡ» ላይ የለችም። «ይመጣል» ላይ ያለችው «ል» «ስለሚመጣ» ላይ የለችም። «መጥቷል» ይዘጋል፤ «መጥቶ» ገና ይቀጥላል። ጅራቱ ከሌለና አራት ነጥብ ካለ የሰዋስው ስህተት ነው። «መጣ» ግን ጅራት ስለሌለው ፊቱን ተመልከቱ፤ ምንም ካልተለጠፈበት ነፃ ነው።

ጥንቃቄ፦ ይሄን መፈተኛ ንግግር ላይ አታውጡት። «ለምን ቀረህ?» ሲባል «መንገዱ ተዘግቶ።» ብሎ መመለስ ትክክል ነው፤ የጎደለው ግስ ጥያቄው ውስጥ አለ።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ተረትና ምሳሌም ላይ አታውጡት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በዛሬ አነጋገር «ያስራል» መሆን ነበረበት። አንድ ትጉህ አራሚ እንዲህ ያለውን ሲያስተካክል አይቻለሁ፤ ቤት መምታቱም አብሮ ሄደ።

ምልክት፦ በ«ግን» ጀምሯል፣ ግሱ ግን ደህና ነው

ስህተት የለም። በግዕዝ ዓረፍተ ነገር በ«ወ» መጀመር የተለመደ ነው፤ «ወይቤ እግዚአብሔር» የሚለውን ማን ያርመዋል?

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ «ማሻሻያው» ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አራሚ መጀመሪያ ላይ ያገኘውን «ግን» ሁሉ አንድ ቃል ወደ ውስጥ ይገፋው ነበር። «ስንዴ በብዛት ገባ። ግን ዋጋው አልቀነሰም።» የሚለው «ዋጋው ግን አልቀነሰም» ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከተጠበቀው ውጭ ሆነ ይላል። ሁለተኛው ዋጋውን ከሌላ ነገር ጋር ያነጻጽራል፤ «ጥራቱ ወርዷል። ዋጋው ግን አልቀነሰም።» ቢባል ቦታው ነው። አንባቢው «ከምን ጋር ነው የሚያነጻጽረው?» ብሎ ወደ ኋላ ከተመለሰ ያበላሸው አራሚው ነው።

በ«እና» መጀመርም የስልት ጉዳይ ነው። «እና ምን ተሻለ?» ወግ ላይ ያምራል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ይጎረብጣል። የሚጎረብጠውን መቀየር ይቻላል፤ «ሰዋስው ተሰበረ» ብሎ ጸሐፊውን ማሸማቀቅ ግን አይቻልም።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

«ና» ይዞ ያለቀ፦ «መጣና።» ስህተት ነው፤ «ና» ሌላ ግስ እየጠበቀች ነው፤ «መንግሥተ ሰማያት ለእነርሱ ናትና» ግን ትክክል ነው፤ «ና» እዚህ ምክንያት ነጋሪ ናት፣ ግሱም ተዘግቷል።

«መጽሐፉ ገዛሁ»፦ ስህተት፤ «መጽሐፉን» ይባል።

«ሊቀመንበሩ መጡና ተናገረ»፦ ስህተት፤ አንቱታው መሀል ላይ አይጣልም።

«ቢሆንም ግን»፦ ድግግሞሽ ነው፤ አንዱን ብታነሱት ይቀላል፣ ብትተዉትም አይሰበርም። እንዲህ ያለውን ጎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ለጸሐፊው እመልሳለሁ፤ እሱ ይወስን።