ትርፉ ኮርቲሶል በማን ትእዛዝ ነው? ከፒቱታሪ ሥር የደም ናሙና እንዴት ይወሰዳል

አንዲት የ38 ዓመት ሴት እናስብ። ፊቷ ክብ ሆኗል፤ ሆዷ ገፍቶ እጅና እግሯ ቀጥኗል። ትንሽ ስትጋጭ ቆዳዋ ይበልዛል፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል። ሴትየዋን ለዚህ ጽሑፍ ያቀናበርኳት እኔ ነኝ፤ ቁጥሮቿ ግን በእውነተኛ ታማሚዎች ላይ የሚታዩ ዓይነት ናቸው።

ምርመራው ሁለት ነገር አረጋግጧል። አንደኛ፣ ሰውነቷ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከልክ በላይ በዝቷል። ሁለተኛ፣ ኮርቲሶል የሚያመርቱት ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ሲሆኑ ትእዛዝ የሚሰጣቸው ኤሲቲኤች የተባለ ሌላ ሆርሞን ነው፤ እሱም በደሟ ውስጥ ከፍ ብሏል። ስለዚህ አድሬናሎቹ ታዛዥ ናቸው። አዛዡ ማነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዛዡ አንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ እጢ ላይ የበቀለ ትንሽ ዕጢ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሳንባ ላይ ወይም ሌላ ቦታ የተደበቀ ዕጢ ኤሲቲኤች ያመርታል። «ታዲያ ኤምአርአይ ማንሳት ነው እንጂ!» ትሉ ይሆናል። ተነስታለች፤ ፒቱታሪዋ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ታይታለች። ችግሩ እንዲህ ዓይነት ነጥብ ምንም በሌለባቸው ጤነኛ ሰዎች ላይም መታየቷ ነው፤ ከአሥር ሰው አንዱ ላይ ገደማ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ እውነተኛ ጥፋተኞች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ኤምአርአይ ላይ አይታዩም። መፍትሔው ከፒቱታሪ ሥር የደም ናሙና ወስዶ ኤሲቲኤቹን መለካት ነው። ዕጢው 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ይህን ምርመራ ትተው ወደ ቀዶ ሕክምናው ይሄዳሉ። ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ግን ምስሉን ብቻ አምኖ በአፍንጫ በኩል ገብቶ መቁረጥ ቁማር ነው።

ከመጀመሩ በፊት

ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱን ከሥሩ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በምርመራው ቀን ኮርቲሶሏ በእርግጥ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ለምን? ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ጤነኞቹ የፒቱታሪ ሕዋሳት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ኤሲቲኤች የሚረጨው ዕጢው ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ታማሚ ላይ ግን በሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል። በሄደበት ሳምንት ናሙና ከተወሰደ የነቁት ጤነኛ ሕዋሳት ኤሲቲኤች ይሰጣሉ። ያኔ ጥፋተኛው ሳንባ ላይ እያለ ጣት ወደ ፒቱታሪ ይቀሰራል። ኮርቲሶልን የሚቀንሱ እንደ ኬቶኮናዞል ያሉ መድኃኒቶችም ይህንኑ ስህተት ያመጣሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይቆማሉ። በዋዜማው ሌሊት ምራቅ ላይ ኮርቲሶል መለካት ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ቱቦዎቹን ማስገባት

ከፒቱታሪ የሚወጣ ደም በግራና በቀኝ ተከፍሎ፣ የታችኛው ፔትሮሳል ሳይነስ በሚባሉ ሁለት ጠባብ የደም መልስ ቦዮች አድርጎ ወደ አንገት ይወርዳል። ሐሳቡ እዚያው፣ ከምንጩ አጠገብ መቅዳት ነው።

ታማሚዋ ብዙ ጊዜ ነቅታ ነው የምትተኛው። ሁለቱ ብሽሽቶቿ በመርፌ ይደነዝዙና በደም መልሶቹ በኩል ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባሉ። ባለሙያው ኤክስሬይ እያየ በልብ በኩል አሳልፎ ወደ አንገት፣ ከዚያም ወደ ቦዮቹ ይመራቸዋል። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ቱቦው ቦታው ሲደርስ ትንሽ ቀለም ተረጭቶ ፎቶ ይነሳል። በዚህ ሰዓት ጆሮ ውስጥ ድምፅ ወይም ሕመም ሊሰማ ይችላል፤ ለታማሚው ቀድሞ መንገር ድንጋጤን ይቀንሳል። ብሽሽት ላይ ደም መቋጠር ዋናው ጣጣ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ የአንጎል ግንድ ይጎዳል። ድንገት ራስ ምታት፣ ድርብ እይታ ወይም መደንዘዝ ከመጣ ሥራው ወዲያው ይቆማል። ምርመራው ብዙ የሠራ እጅ ባለበት ማዕከል ብቻ መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው።

መቅዳት

ደሙ ከሦስት ቦታ ይቀዳል፤ ከቀኝ ቦይ፣ ከግራ ቦይና ከክንድ ወይም ከብሽሽት። ሦስቱም በአንድ ቅጽበት መቀዳት አለባቸው። ኤሲቲኤች በየጊዜው ፈንጠቅ እያለ ስለሚወጣ፣ ቀኙን አሁን፣ ግራውን ከደቂቃ በኋላ መቅዳት ንጽጽሩን ከንቱ ያደርገዋል። ሦስት ሰው በአንድ ቆጠራ ይስባል፤ አንድ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ይይዛል።

መጀመሪያ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይቀዳል። ቀጥሎ ፒቱታሪን የሚቀሰቅስ ሲአርኤች፣ በተለምዶ 100 ማይክሮግራም፣ በደም ሥር ይሰጣል። እሱ ካልተገኘ 10 ማይክሮግራም ዴስሞፕሬሲን ይተካዋል። ከዚያ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ እንደገና ይቀዳል። ኤሲቲኤች ቶሎ ስለሚፈርስ ብልቃጦቹ ወዲያው በረዶ ውስጥ ገብተው ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣሉ። የእያንዳንዱ ብልቃጥ ምልክት ቀድሞ ተጽፎ ይጠብቅ። ቀኝና ግራ ተምታቶ ከተጻፈ በኋላ የሚያስተካክለው የለም።

ማካፈል

ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በቦዩ ውስጥ ያለው ኤሲቲኤች በክንድ ባለው ይካፈላል። ከመድኃኒቱ በፊት 2 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከመድኃኒቱ በኋላ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ፒቱታሪ ነው። እነዚህ ወሰኖች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1991 ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በወጣ ትልቅ ጥናት ነው።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ከመድኃኒቱ በፊት ክንዷ ላይ 80፣ ቀኙ ላይ 92፣ ግራው ላይ 88 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ተገኘ። በ5ኛው ደቂቃ ክንዷ 84፣ ቀኙ 100፣ ግራው 92 ሆነ። ትልቁ ውጤት 100 ሲካፈል ለ84፣ ማለትም 1.2 ገደማ ነው። ወሰኑ አጠገብ እንኳ አልደረሰም።

ፒቱታሪ ነጻ ወጣች እንበል? ገና ነን። ቱቦው ትክክለኛው ቦታ ላይ ባይሆንስ? አንዳንድ ሰው ቦዩ ራሱ የጠበበ ወይም ደሙ በሌላ መንገድ የሚሄድ ነው። ለዚህ ነው ከዚያው ደም ላይ ፕሮላክቲን የሚለካው። ፕሮላክቲንን የምታመርተው ፒቱታሪ ስለሆነች ቱቦው ከአጠገቧ ካለ መጠኑ ከክንዱ በግልጽ መብለጥ አለበት፤ ቢያንስ 1.8 እጥፍ። የሴትዮዋ ክንድ 12፣ ቀኙ 48፣ ግራው 42 ነው። አራት እጥፍና ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ቱቦዎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

አሁን የኤሲቲኤቹን 1.2 ለፕሮላክቲኑ 4 እናካፍል፤ 0.3 ይመጣል። 0.7 እና ከዚያ በታች ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማል፤ 1.3 እና ከዚያ በላይ ወደ ፒቱታሪ። በመካከል ያለው ግራጫ ነው፤ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል። ዕጢው በቀኝ ነው በግራ የሚለውን ለማወቅ ሁለቱን ቦዮች ማወዳደርም ይሞከራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሳሳታል። የቀዶ ሐኪም በዚያ ብቻ ተመርቶ ግማሹን እጢ እንዲያወጣ አልመክርም።

የሴትዮዋ ደረት በሲቲ ስካን ተፈለገ። ቀኝ ሳንባዋ ላይ 12 ሚሊ ሜትር የሆነች እባጭ ተገኘች። ተቆርጣ ስትመረመር ኤሲቲኤች የምታመርት ካርሲኖይድ የተባለች ዕጢ ሆና ተገኘች፤ ኮርቲሶሉም ወረደ። ያቺ የ4 ሚሊ ሜትር ነጥብ በዓመቱ በተነሳው ኤምአርአይ ላይ እዚያው እንዳለች ነበረች።