ለጋብቻ መታሰቢያ ደብዳቤ፦ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያዙ

ውጭ አገር የምትሠሩ ባሎች፣ የጋብቻችሁን ቀን ስልካችሁ ላይ በፈረንጆች ቀን ብቻ አትመዝግቡ። እኛ ባሕር ዳር የተጋባነው ጥር 18 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 26 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን 27 ይሆናል። በ2016 ደብዳቤዬ በዋዜማው ደረሳት፤ ቅር አላት። በ2020ም እንዲሁ ይዛነፋል።

ደብዳቤውን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፎቶግራፉን ላኩ። «ናፈቅሽኝ» ብቻውን አይበቃም፤ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን አንድ ቀን አንሡ። እኔ እንዲህ ጻፍሁላት፦ «ዓለሜ፣ ጣና ዳር ተቀምጠን የደንገል ታንኳዎቹ ሲመለሱ፣ እየበረደሽ ነጠላሽን ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግሽልኝ ምሽት ዛሬም ያሞቀኛል።» የቤት ኪራዩንና የገንዘቡን ነገር በማግስቱ ጻፉት።