በግርጌና በመጨረሻ ማስታወሻዎች አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ስለ አካባቢው ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ረቂቅ ላይ ደጋግሜ የማየው የመጀመሪያ ስህተት፣ ማስታወሻው በገጹ ግርጌ ይሁን ወይስ በምዕራፉ መጨረሻ የሚለውን ጥያቄ በገጹ መልክ መወሰን ነው። ገጹ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ሲባል ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻው ይገፋል። መታየት ያለበት ግን አንባቢው ማስታወሻውን መቼ እንደሚፈልገው ነው። ማስታወሻዎቹ የመጽሐፍ ርእስና የገጽ ቁጥር ብቻ የሚይዙ ከሆነ አብዛኛው አንባቢ ሳያያቸው ስለሚያልፍ መጨረሻ ላይ ቢቀመጡ ጉዳት የለውም። በቃል መረጃና ባልታተመ የእጅ ጽሑፍ ላይ በተመሠረተ ሥራ ግን፣ መረጃውን ማን፣ የትና መቼ እንደሰጠ ማወቅ ዓረፍተ ነገሩን ከማመን ወይም ከመጠራጠር ስለማይለይ፣ ማስታወሻው እዚያው ገጽ ላይ ሊገኝ ይገባዋል። የትምህርት ክፍሉ ወይም አሳታሚው የራሱ መመሪያ ካለው በእርግጥ ምርጫው የጸሐፊው አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ምንጭ ብቻ የያዙትንና ሐተታ ያላቸውን ማስታወሻዎች ሳይለዩ አንድ ላይ በመጨረሻ ማስታወሻነት ማከማቸት ነው። አንባቢው ገጽ ገልጦ ሲሄድ አሥር ጊዜ የገጽ ቁጥር ብቻ ካገኘ በዐሥራ አንደኛው አይሄድም፤ ጸሐፊው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ማብራሪያም ሳይነበብ ይቀራል። ሐተታ የበዛበት ሥራ ግርጌን ይመርጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም የክርክሩን ምሰሶ በማስታወሻ ውስጥ መቅበር። ስለ ሒርማታ ገበያ የሚጽፍ አንድ ተማሪ እናስብ። በእጁ ያለው የቤተሰብ መዝገብ በቡና ላይ የሚከፈለው የኬላ ቀረጥ በ1921 ዓ.ም. ከፍ አለ ይላል፤ አንድ የታተመ ጥናት ደግሞ ጭማሪውን በ1929 እ.ኤ.አ. ያደርገዋል። ተማሪው ስለ ገበያው አደረጃጀት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ይህ ልዩነት የምንጭ ጉዳይ ነውና በግርጌ እንዲህ ሊያልፈው ይችላል፦

«የቤተሰብ መዝገብ፣ ገጽ 14። መዝገቡ ወሩን አይጠቅስም፤ 1921 ዓ.ም. ከመስከረም 1928 እስከ መስከረም 1929 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ስለሚሸፍን ከታተመው ጥናት ጋር የግድ አይጋጭም።»

ይህ ሐተታ ቦታውን ያገኘ ነው። ምንጩ አስቀድሞ ተጠቅሷል፣ ችግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈትቷል፣ አንባቢው ቢዘለውም የዋናው ጽሑፍ አሳብ አይጎድልም።

ያው ተማሪ ግን ቀረጡ የጨመረው በ1929 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓለም ገበያ ሲናጋ የቡና ዋጋ በመውደቁ ነው ብሎ ሊከራከር ቢነሣ ሁኔታው ይገለበጣል። 1921 ዓ.ም. ያበቃው በመስከረም 1929 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲሆን፣ የኒው ዮርኩ የአክሲዮን ገበያ የወደቀው በጥቅምት ነው። መዝገቡ ትክክል ከሆነ ጭማሪው ከውድቀቱ ቀድሟልና ውድቀቱ የጭማሪው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የታተመው ጥናት «1929» ሲል ኅዳርን ማለቱ ከሆነ ደግሞ ዘመኑ 1922 ዓ.ም. ይሆናል፣ መዝገቡም ተሳስቷል ማለት ነው። አሁን የቀኑ ጉዳይ ራሱ ክርክሩ ስለሆነ ወደ ዋናው ጽሑፍ መውጣት አለበት። በግርጌ ትቶ ማለፍ፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም፣ የማይመች ማስረጃን መደበቅ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፤ ማስታወሻውን ይሸፍኑትና አንቀጹን ያንብቡ። መደምደሚያው ከቆመ ሐተታው በግርጌ ይቆይ፤ ከተናጋ ወደ ላይ ይውጣ።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ለማግኘት ስለተደከመበት ብቻ በግርጌ የሚወተፍ መረጃ አለ። ስለ ቀረጥ በሚያወራ ገጽ ግርጌ የጅሬን ቤተ መንግሥት አሠራር በግማሽ ገጽ ከተዘረዘረ፣ ዝርዝሩ ማንኛውንም ማስረጃ አይመዝንምና መሰረዝ አለበት። ሁለት መረጃ አቀባዮች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ሲናገሩ ግን፣ ጸሐፊው የማንን ቃል ለምን እንደመረጠ የሚገልጽ አጭር ሐተታ ሁልጊዜ ተገቢ ነው፤ የሁሉንም ስም በአንድ ማስታወሻ ደርድሮ ስምምነት እንዳለ ማስመሰል ብዙ የተለመደ ጉድለት ነው።

በመጨረሻም «ዝኒ ከማሁ»። ይህ አጠቃቀም የሚጠቁመው ወዲያው ከበላዩ ያለውን ምንጭ ብቻ ስለሆነ፣ ረቂቁ ሲታረም በመካከል አንድ አዲስ ማስታወሻ ቢገባ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ምንጭ ይዞራል፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን ቢያስተካክልም ይህን አያስተካክልም። ከበላዩ ያለው ማስታወሻ ሁለት ምንጭ ከያዘ ደግሞ የትኛውን እንደሚያመለክት አይታወቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ምንጩን በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ የጸሐፊውን ስም፣ ያጠረ ርእስና ገጽ መጻፍ ይሻላል። «ዝኒ ከማሁ»ን መመሪያው የሚያስገድድ ከሆነም ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ለኅትመት ወይም ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት፣ አንድ በአንድ እየተመለከቱ ማስገባት ነው።