ጥቅል ትርፉ አንድ ወር ሲያብጥ፣ አንድ ወር ሲጠፋ

የወሩ የትርፍና ኪሳራ መግለጫችሁ ትክክል አልመስል ካላችሁ፣ ድምሩን አረጋግጣችኋል፣ ደረሰኞቹም ተሟልተዋል ብዬ ልጀምር።

የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ሽያጩ ከላይ ይቀመጣል። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ ሲቀነስለት ጥቅል ትርፍ ይገኛል። ይህ መስመር የምትገዙበትና የምትሸጡበት ዋጋ እንደሚያዋጣ ይነግራችኋል። ከሱ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ሲወጣ የሥራ ትርፍ ይቀራል፤ ንግዱ ራሱን መቻሉን የምታዩት እዚህ ነው። ወለድና ግብር ከተነሱ በኋላ የሚቀረው የተጣራ ትርፍ ነው። ላስተካክለው ተጠርቼ ካየሁት መግለጫ አብዛኛው የተበላሸው በሁለተኛው መስመር፣ በዕቃው ወጪ ላይ ነው።

ምልክቱ

ጥቅል ትርፉን ለሽያጩ አካፍሉት። መሸጫ ዋጋችሁን ካልቀየራችሁ፣ አቅራቢውም ካልጨመረባችሁ፣ የምትሸጡት የዕቃ ዓይነትም ያው ከሆነ ውጤቱ ከወር ወር ተቀራራቢ መሆን አለበት። 30 በመቶ የነበረው ድንገት 76 ከሆነ ደስ አይበላችሁ። የተሳሳተው መዝገቡ ነው።

አንድ የዕቃ መሸጫ ባለቤት ሁለት መግለጫ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ወር ሽያጩ 200,000፣ የዕቃው ወጪ 260,000 ይላል። ገና ከላይ 60,000 ኪሳራ! በሁለተኛው ወር ሽያጩ 210,000፣ የዕቃው ወጪ 50,000፤ ጥቅል ትርፉ 160,000። በመጀመሪያው ወር ሠራተኛ ሊቀንስ ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ከካዝናው ገንዘብ ማውጣት ጀምሯል።

ምክንያቱ

በወሩ የገዛውን ዕቃ ሁሉ የተሸጠ አድርጎ መዝግቦታል። መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ግን ገና ወጪ አይደለም። ወጪ የሚሆነው ሲሸጥ ነው። ይሄን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አልቆጥረውም፤ አሁንም ግዢውን በቀጥታ ወደ ወጪ የሚከት መዝገብ ያዥ አይጠፋም።

መፍትሄው

በወሩ መጀመሪያ በእጅ በነበረው ዕቃ ላይ የወሩን ግዢ ደምሩ። ከዚያ በወሩ መጨረሻ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን ቀንሱ። የቀረው የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ ነው።

የሰውዬውን እንሥራው። መነሻው 80,000፣ ግዢው 260,000፣ ድምሩ 340,000። በወሩ መጨረሻ የቀረው 200,000። ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 140,000፣ ጥቅል ትርፉ 60,000፣ ማለትም 30 በመቶ ነው። በሁለተኛው ወር 200,000 ላይ 50,000 ተጨምሮ 103,000 ቀረ። የተሸጠው 147,000፣ ጥቅል ትርፉ 63,000። እንደገና 30 በመቶ። ንግዱ መጀመሪያውኑም ጤነኛ ነበር።

ከመጀመሪያው ወር 60,000 ጥቅል ትርፍ ላይ 35,000 የሥራ ማስኬጃ ወጪ ሲነሳ 25,000 ይቀራል። «ታዲያ ገንዘቡ የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉንም በእጅ በእጅ ስለሚሠራ በዚያ ወር ካዝናው በ95,000 ቀንሷል። መጋዘኑን አሳየሁት። ዕቃው ከ80,000 ወደ 200,000 አድጓል፤ 120,000 እዚያ ተቀምጧል። የ25,000 ትርፉም እዚያው ውስጥ ገብቷል።

ቆጠራው ላይ ተጠንቀቁ። ዕቃውን በገዛችሁበት ዋጋ እንጂ በመሸጫው አትተምኑት! የቀረውን ዕቃ በ30,000 ካበዛችሁት ትርፋችሁ በ30,000 ያብጣል፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያው 30,000 ይወጣበታል። ደረሰኙ ያልተመዘገበ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ካለም ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል። ስለዚህ ዕቃ ከቆጠራ በፊት ከገባ ደረሰኙም በዚያው ወር ይመዝገብ። ዕቃውን ያመጣችሁበት የትራንስፖርት ክፍያ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። የተሰበረና የማይሸጥ ዕቃ በሙሉ ዋጋው አይቆጠርም። እባካችሁ፣ «ባለፈው ወር ያህል ይሆናል» ብላችሁ በግምት አትሙሉት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ሽያጩ ራሱ ከተጋነነ ለመንግሥት የሰበሰባችሁት የሽያጭ ታክስ ተቀላቅሎበት እንደሆነ እዩ፤ ያ ገንዘብ የናንተ አይደለም።

የሥራ ትርፉ ከሚገባው በላይ ከሆነ የማሽንና የመኪና እርጅና ሳይቀነስ ቀርቶ ይሆናል።

ጥቅል ትርፉ ደህና ሆኖ የተጣራው ከጠፋ የብድር ክፍያውን ፈትሹ። ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው፤ ዋናውን ብድር መመለስ ዕዳ መቀነስ እንጂ ወጪ አይደለም። የግል ንግድ ከሆነ ባለቤቱ ለቤቱ ያወጣውም ደመወዝ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ይያዝ።