«ተስተካከለ» ወይስ «አስተካከልሁ»? የቃለ መጠይቅ ጥያቄን በስታር ዘዴ እንዴት መመለስ ይቻላል

«ስሕተት አግኝተው ያረሙበትን አጋጣሚ ይንገሩን» ተብሎ የተጠየቀ ተወዳዳሪ «እኔ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ቢጀምር ጥያቄውን አልመለሰም፤ የተጠየቀው በአንድ ወቅት የፈጸመውን ድርጊት እንጂ ጠባዩን አይደለምና። ስታር የተባለው ዘዴ ይህን ድርጊት ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ እርምጃና ውጤት በሚሉ አራት ክፍሎች ከፍሎ ለመተረክ ያገለግላል።

ዝግጅቱን ከመጨረሻው ክፍል ይጀምሩ። ከሥራ ዘመንዎ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይምረጡና በመጀመሪያ ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ይህን መጻፍ ካቃተዎት ታሪኩን ትተው ሌላ ይፈልጉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት ክፍል የሠራን አንድ ተወዳዳሪ እንውሰድ። ሁኔታውን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «በሰኔ ወር ዓመታዊ ቆጠራ ስናደርግ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 64 የፕሪንተር ቶነር ያሳይ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተገኘው ግን 52 ነው።» ስለ መሥሪያ ቤቱ አመሠራረት ማውራት እዚህ ላይ ጊዜ ማባከን ነው። ኃላፊነቱም አጭር ነው፦ «መጋዘኑን የተረከብሁት እኔ ስለሆንሁ የ12ቱን ቶነር ጉድለት ምክንያት አጣርቼ ለኃላፊዬ ማቅረብ ነበረብኝ።»

ከመልሱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ መውሰድ ያለበት እርምጃው ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። «እኔ» ማለት እንደ ጉራ እንዳይቆጠርብን «ተጣርቶ ተስተካከለ» ወይም «ተነጋግረን ፈታነው» እንላለን፤ ጠያቂው ግን ማን እንዳጣራው ከዚህ አያውቅም። ስለዚህ የጻፉትን መልስ ያንብቡና «ተደረገ» እና «አደረግን» ዓይነት ግሦችን ሁሉ ያስምሩባቸው፤ እርስዎ የሠሩትን ወደ «አደረግሁ» ይለውጡ፣ ሌላው የሠራውን ግን ለባለቤቱ ይተዉለት። የንብረት ሠራተኛው እንዲህ ይላል፦ «የስድስት ወሩን የወጪ ሰነድ፣ ሞዴል 22ን፣ ከቢን ካርዱ ጋር በየቀኑ አመሳከርሁ። ልዩነቱን ከዚያ ስላላገኘሁት ጠረጴዛዬን ፈተሽሁ፤ በጥድፊያ ቀን በብጣሽ ወረቀት አስፈርሜ የሰጠኋቸው 12 ቶነሮች ሳይመዘገቡ ቀርተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ የተረከቡትን ሁለት ክፍሎች ሄጄ አረጋገጥሁ፤ ሰነዱ እንዲሟላ የፈቀደው ኃላፊዬ ነው።» ስሕተቱን አለመደበቁ መልሱን አያዳክመውም፤ የተጠየቀውም ይኸው ነው።

ውጤቱ ሊረጋገጥ በሚችል ነገር ይነገር፦ «ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ ተብራራ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሞዴል 22 ዕቃ አላወጣሁም፣ በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራም በቶነር ልዩነት አልተገኘም።» ቁጥር ከሌለዎት የተለወጠውን አሠራር ይግለጹ እንጂ መቶኛ አይፍጠሩ።

በመጨረሻ መልሱን ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ይናገሩት፤ ከሁለት ደቂቃ ብዙ ካለፈ የሚቀነሰው ከሁኔታው ነው። ቃል በቃል ግን አይሸምድዱት። አንድ ወዳጅዎ «ብጣሽ ወረቀቱን ለምን ተቀበልህ?» ወይም «ኃላፊህ ምን አለ?» እያለ እንዲያቋርጥዎት ያድርጉ፤ ጠያቂዎቹም ታሪኩ እውነት መሆኑን የሚፈትሹት በእንዲህ ያለ ተከታይ ጥያቄ ነው።